ስርዝ ድልዙ የማይታየው ማርክ ሊስት

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ታርሞ ማርክ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ሳምንት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ርዕሰ መምህርቷ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መምህራኑን ሰብስበው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ተናገሩ፤ የተማሪዎች መረጃ ስለሚያዝበት ሲስተም የይለፍ ቃል። ንግግሩ ሩብ ሰዓት አልሞላም። በቦታው ተገኝቼ ሰምቼዋለሁ። ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም፣ ልጅ ለሚያስተምሩ ወላጆችም የሚጠቅም ቁም ነገር ስላገኘሁበት፣ ሐሳቡን እያፍታታሁ ላቀርበው ወደድኩ። ትምህርት ቤቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠቅስም።

«አላስረዝምባችሁም» ብለው ጀመሩ። «ደክማችኋል፤ ያረማችሁት ወረቀት ገና ከጠረጴዛችሁ ላይ አልተነሳም። የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ፓስወርዳችሁን ለማንም አትስጡ። ለጓደኛችሁ መምህር፣ ለሪከርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ለክፍል አለቃ አትስጡ። ለእኔም አትስጡ። ነገ ደውዬ ብጠይቃችሁ እንኳን ‹አልሰጥም› በሉኝ፤ አልቀየምም።»

ይህን ሲሉ ከኋላ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። አንድ አንጋፋ መምህር እጃቸውን አወጡና «እርስ በርስ አንተማመንም ማለት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በትምህርት ቤት ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በመተጋገዝ ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ማርኩን ያስገባለታል፤ ኮምፒውተር የማይቀናቸውን አንጋፋ ወጣቱ መምህር ያግዛቸዋል። እምቢ ማለት እንደ ንፍገት ይቆጠራል።

ርዕሰ መምህርቷ የመለሱት መልስ የንግግሩ እምብርት ነው። «ጋሼ፣ እኔ የማወራው ስለ ሌባ አይደለም። በወረቀቱ ዘመን ማርክ ሊስት ላይ የሚፈርመው ማን ነበር? እርስዎ ነበሩ። ቁጥር ከተሳሳተ በአንድ መስመር ይሰርዙና ትክክለኛውን ጽፈው አጠገቡ ይፈርማሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት፣ ፊርማ የሌለበት ማርክ ሊስት ሪከርድ ክፍል አይቀበልም ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁጥር ሲቀየር ምን ይታያል? ምንም። አሮጌው ይጠፋል፤ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ስርዝ ድልዙን የሚያየው ሲስተሙ ብቻ ነው። ሲስተሙ ደግሞ የሚያውቀው እጃችሁን ሳይሆን ፓስወርዳችሁን ነው።»

ይህን ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ መምህራን የይለፍ ቃልን የሚያዩት እንደ በር መክፈቻ ብቻ ነውና። በደህና የተሠራ የተማሪዎች መረጃ ሲስተም ግን ከጀርባው መዝገብ አለው። ባለሙያዎቹ ሎግ ይሉታል። ማን እንደገባ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ የትኛውን ክፍል እንደከፈተ፣ የትኛው ቁጥር ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ በራሱ ይጽፋል። ርዕሰ መምህርቷ ነጭ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

```
2025-02-05 16:42  user=t.math11  section=11B  field=Math_S1  old=47  new=74
```

መስመሩ ሲነበብ፦ ረቡዕ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ፣ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር በሆነው ስም የገባ ሰው፣ በ11ኛ «ለ» የሚማር የአንድ ልጅ የሒሳብ ውጤት ላይ የነበረውን 47 ወደ 74 ቀይሯል ማለት ነው። «የሒሳብ መምህሩ ቀይሯል» እንዳላልኩ አንባቢ ያስተውል። መዝገቡ የሚመሰክረው ስለ ስሙ ብቻ ነው። በስሙና በሰውየው መካከል ያለው ብቸኛ ማሰሪያ፣ የይለፍ ቃሉን ከእርሱ በቀር ማንም አያውቀውም የሚለው እውነት ነው። ያ እውነት ከተናደ መዝገቡ እንደ ማስረጃ አይቆምም።

ምሳሌው «እንበልና» ተብሎ የቀረበ ነው፤ ማንንም አልነካም። እንበልና የሒሳብ መምህሩ ሰኞ ዕለት ጉንፋን ያዘውና ቤቱ ዋለ። ለቅርብ ጓደኛው የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ላከለት፤ ማርክ ሊስቱንም ፎቶ አንስቶ ጨመረለት። ጓደኛውም ሪከርድ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የአራቱንም ክፍል ውጤት አስገባ። በአንድ ክፍል 52 ተማሪ ቢኖር 208 ቁጥር ነው። ሐሙስ ዕለት የ11ኛ «ለ» የክፍል ኃላፊ ሮስተሩን ስታዘጋጅ አንድ ውጤት አጠራጠራት። ሎጉ ሲከፈት ከላይ ያነበብነው መስመር ተገኘ።

መምህሩ ተጠራ። «እኔ አልቀየርኩም፤ ቤቴ ነበርኩ» አለ፤ እውነቱን ነው። ጓደኛው ተጠራ። «ያስገባሁት ሰኞ ነው፤ ረቡዕ አልገባሁም» አለ፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የሪከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሉን በውስጡ አስቀርቶት እንደሆነ፣ ከጓደኛው በኋላ የተቀመጠ ማንም ሰው በመምህሩ ስም ሊገባ ይችላልና። በዚህ መንገድ የሚጠረጠረው ሰው ከአንድ ወደ ስንት እንደደረሰ እንኳን መናገር አይቻልም።

አሁን 47ን እና 74ን አስተያዩአቸው። አሃዞቹ ያው ናቸው፤ ቦታ ተለዋውጠዋል። ቁጥር ሲያስገባ የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ስህተት ያውቀዋል፤ የደከመ ጣት 47 ብሎ አስቦ 74 ይጽፋል። እንግዲህ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ምናልባት ጓደኛው ረቡዕ ለማጣራት ብሎ ለአፍታ ገብቶ፣ ትክክል የነበረውን ቁጥር ትክክል እንዳልሆነ ቆጥሮ አበላሽቶት ይሆናል። መምህሩ ራሱ አድርጎት ቢሆን ኖሮ «አዎ፣ እጄ ስቶ ነው» ብሎ በአንድ ደቂቃ ያርመው ነበር። በሰው ስም የገባ ሰው ግን እንደዚያ ለማለት ይፈራል፤ መጀመሪያ ያልተፈቀደለትን እንዳደረገ ማመን አለበትና። የተዋሱት የይለፍ ቃል ተራ ስህተትን ወደ ወንጀል ጥርጣሬ የሚያሳድገው እንዲህ ነው። እኔ ከንግግሩ ሁሉ ከባድ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነጥብ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ጉዳቱ በአንዱ ልጅ ላይ አያበቃም። በእኛ ትምህርት ቤቶች ሮስተር ላይ አማካይ ብቻ ሳይሆን ደረጃም ይወጣል። አሥር የትምህርት ዓይነት ቢኖር 27 ነጥብ የልጁን አማካይ በ2.7 ከፍ ያደርገዋል። ይህ 14ኛ የነበረን ተማሪ 6ኛ ቢያደርገው፣ ቀድሞ ከ6ኛ እስከ 13ኛ የነበሩት ስምንት ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ደረጃ ወርደው ካርዳቸውን ይቀበላሉ። ስምንቱ አያውቁም፤ ወላጆቻቸውም አያውቁም። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ተጠቃሎ ትራንስክሪፕት ሆኖ ይወጣል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ለውጭ አገር ትምህርት ዕድል ሲያመለክት የሚያስገባው ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ስህተቱን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የለም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ውጤቱን ራሱን ወረቀቱ ይፈታዋል፤ መምህሩ በእጁ የያዘው ማርክ ሊስት 47 ይላልና 47 ተብሎ ይታረማል። ማን ቀየረው የሚለው ግን ለዘለዓለም ሳይፈታ ይቀራል። ያ ስላልተፈታም በዚያ ስም የገቡት 208ቱም ውጤቶች አጠራጣሪ ናቸው፤ አንድ በአንድ ከወረቀት ጋር መመሳከር አለባቸው። ሰኞ ዕለት የተቆጠበው የሁለት ሰዓት ሥራ አርብ ዕለት የሙሉ ቀን ሥራ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ርዕሰ መምህርቷም ጠቅሰውታል። ሎግ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 16:42 ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ42 ነው። ከዚህ የባሰው ግን ኮምፒውተሩ በየትኛው አገር ሰዓት እንደተሞላ ነው። ሲስተሙ የተቀመጠው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነና በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ፣ ያው መስመር በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 ነው። በከሰዓቱ ሰዓት ግቢ ውስጥ ማን ነበር ተብሎ ንጹሕ ሰው ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ርዕሰ መምህር ሎግ ይዞ ሰው ከመጥራቱ በፊት፣ ራሱ ገብቶ አንድ ነገር ነክቶ ወጥቶ፣ መዝገቡ የጻፈውን ሰዓት በእጁ ካለው ሰዓት ጋር ማስተያየት አለበት። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

መምህራኑ ዝም ብለው የሰሙት እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ተናገሩ፤ መናገራቸውም ጥሩ ሆነ። አንዲት መምህርት «ሰው ፓስወርድ የሚዋሰው ወዶ አይደለም» አለች። ወሊድ ላይ ያለች ባልደረባዋን ተክታ ስታስተምር ሲስተሙ ላይ ስሟ ሳይገባ ሳምንታት እንዳለፉ፣ ማርክ ማስገቢያው ቀን ሲደርስ ሌላ አማራጭ እንዳልነበራት ተናገረች። ሌላው ደግሞ የረሳውን የይለፍ ቃል የሚያድስለት ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከቢሮው እንደማይገኝ አስረዳ። እነዚህ ሰበቦች አይደሉም። የይለፍ ቃል መዋዋስ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአስተዳደር መዘግየት ነው፤ ቀነ ገደቡ ጠበብ ብሎ ፈቃዱ ሲዘገይ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። መምህሩን ብቻ የሚገሥጽ ርዕሰ መምህር ነገሩን ከግማሹ ነው የያዘው።

ርዕሰ መምህርቷ ይህን አልሸሹም። «ልክ ናችሁ» አሉ። «እናንተ ፓስወርድ አትስጡ ካልኩ፣ እኔ ደግሞ እንድትሰጡ የሚያስገድዳችሁን ነገር ማንሳት አለብኝ። ለተተኪ መምህር የምንሰጠው የራሱን መግቢያ ነው። በራሱ ስም፣ ለሚያስተምረው ክፍል ብቻ፣ ማብቂያ ቀን ተጽፎበት። ማርክ በሚገባበት ሳምንት ሪከርድ ክፍል እስከ 12 ሰዓት ክፍት ይሆናል፤ የጠፋ ፓስወርድ በዚያው ቀን ይታደሳል። ካልታደሰላችሁ እኔ ጋ ኑ፤ ቀኑን አራዝምላችኋለሁ። ቀን ማራዘም እችላለሁ፤ የጠፋ ማስረጃ መመለስ ግን አልችልም።»

በራሱ ስም መግቢያ መስጠት ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ ሎጉ እውነቱን ይጽፋል፤ ተተኪዋ ያስገባችው በተተኪዋ ስም ይመዘገባል። ሁለተኛው የፈቃድ ልክ ነው። በእነዚህ ሲስተሞች ላይ የትምህርት ዓይነት መምህር የሚያየው የራሱን ክፍልና የራሱን ትምህርት ነው፤ የክፍል ኃላፊ ደግሞ የክፍሉን ሮስተር በሙሉ ታያለች። የክፍል ኃላፊዋ «አንድ ቁጥር አርምልኝ» ብላ የይለፍ ቃሏን ስትሰጥ፣ አብሮ የሚሄደው የ52 ልጆች የወላጅ ስልክ፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ አሳዳጊው ማን እንደሆነ፣ የጤና ችግር ካለ እሱም፣ የዲሲፕሊን መዝገቡም ነው። ወላጆቹ በፍርድ ቤት የተለያዩ፣ የት እንደሚኖር ከአንደኛው ወገን የተሰወረ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለእሱ ከማርኩ ይልቅ አድራሻው ነው የሚያሰጋው።

መተጋገዙስ ይቅር? አይቅር። አንጋፋው መምህር ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ ወጣቱ አጠገባቸው ይቀመጥና ከማርክ ሊስቱ ላይ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ እሳቸው ይጻፉ። ወይም እሳቸው ራሳቸው ገብተው እሱ ይጻፍ፣ እሳቸው ግን ከወንበሩ ሳይነሱ እያንዳንዱን ቁጥር እያዩ፤ ሲጨርሱም ራሳቸው ዘግተው ይውጡ። ኃላፊነቱ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ይህን የሚያግዝ ሰው ግን ተማሪ መሆን የለበትም። «ፈጣን ልጅ ነው» ተብሎ ቁጥር እንዲያስገባ የሚቀመጥ ተማሪ የጓደኞቹን ውጤት ሁሉ ያያል፤ የይለፍ ቃሉ ሲጻፍም ጣት ይከተላል።

ይህ ስጋት እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2025 ባወጣው ጥናት፣ በትምህርት ተቋማት ከውስጥ ሰው የመነጩ 215 የመረጃ ጥሰቶችን መርምሮ 57 በመቶዎቹን የፈጸሙት ተማሪዎች እንደሆኑ አግኝቷል። ከጠቅላላው 30 በመቶው የተፈጸመው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 97 በመቶው የተማሪዎች ሥራ ነው። ቴክኖሎጂው የረቀቀበት አገር እንኳን እንዲህ ከሆነ፣ ለሦስት መምህራን አንድ ኮምፒውተር በሚደርስበት ስታፍ ውስጥ ነገሩ ቀላል እንደማይሆን መገመት አያዳግትም።

የአንድ የይለፍ ቃል ጉዳት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የደረሰው ነው። ፓወርስኩል በአሜሪካና በካናዳ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የተማሪዎች መረጃ ሲስተም ነው፤ እዚያ የሚኖሩ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ስምም በእሱ ውስጥ ይገኛል። በታኅሣሥ 2024 አንድ ሰው በተሰረቀ አንድ የይለፍ ቃል የኩባንያው የደንበኞች መርጃ ገጽ ውስጥ ገባ። ገጹ በስልክ ላይ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። ከዚያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የተማሪዎች፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የመምህራን መረጃ ተቀዳ፤ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ አንዳንድ ቦታ የጤና ማስታወሻም ሳይቀር። የቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች ቦርድ የተወሰደበት መረጃ እስከ 1985 ወደኋላ የሚሄድ ነበር። ኩባንያው መረጃው እንዲጠፋለት የማስለቀቂያ ገንዘብ ከፈለ፤ ሆኖም በግንቦት 2025 የተለያዩ ትምህርት ቤቶች በዚያው መረጃ እንደገና ገንዘብ ተጠየቁ። በ19 ዓመቱ በወንጀሉ ጥፋተኛነቱን አምኖ አራት ዓመት የተፈረደበት የኮሌጅ ተማሪ ነበር።

ወደ ስታፉ እንመለስ። የይለፍ ቃል ባለቤቱ ለማንም ሳይናገር የሚወጣበት መንገድ አለ፤ ርዕሰ መምህርቷም ጊዜ የሰጡት ለዚህ ነው። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ስትገቡ ክሮም «ይህን የይለፍ ቃል ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃል። በጥድፊያ «አዎ» ያለ ሰው ቃሉን እዚያው ጥሎት ሄደ ማለት ነው። የአድራሻ መጻፊያው ላይ `chrome://password-manager/passwords` ብሎ የጻፈ ሰው የተቀመጡትን ሁሉ በዝርዝር ያገኛል። ኮምፒውተሩ ራሱ መክፈቻ የይለፍ ቃል ከሌለው፣ የስታፍ ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፣ የዓይን ምልክቷን ሲነካ ቃሉ በግልጽ ይነበባል። እዚያው ስብሰባ ላይ አንድ የአይሲቲ መምህር ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያሳይ የብዙ መምህራን ስም ተደርድሮ ታየ። ቃሎቹን አልከፈተም፤ ዝርዝሩ ብቻውን በቂ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሁሉም ተሰረዙ።

ሌላው መንገድ ቴሌግራም ነው። የተላከ መልእክት በላኪውም በተቀባዩም ስልክ ላይ ይቀራል፤ ስልኩ ለጥገና ሲሰጥ፣ ለልጅ ጨዋታ ሲሰጥ፣ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ደግሞ መጀመሪያ ሲሰጥ የነበረው ቃል ሳይቀየር መቅረቱ ነው። ሲስተሙ ሲተከል ለሁሉም መምህር `Teacher123` ወይም የራሱ ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያን ያልቀየረ መምህር የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጠም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለማስታወስ የሚቀል፣ ለመገመት የሚከብድ ቃል ለማበጀት እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላትን መደርደር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለምሳሌ `jebena-amora-zetegn-dinkuan`። ይሄኛው እዚህ ስለታተመ አይሆንም፤ የራስዎን ያብጁ። በየወሩ ቀይሩ የሚለውን የቆየ ትእዛዝ ርዕሰ መምህርቷ አንስተውታል፤ ትክክል ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 ያወጣው መመሪያም ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን አይደግፍም። ሰው በየወሩ ሲያስቀይሩት ወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ ይጀምራልና።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ የመግቢያ የይለፍ ቃልን ያለ ፈቃድ ለሌላ አሳልፎ መስጠትንም ይጠቅሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ርዕሰ መምህርቷ ሕጉን ያነሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም ከዚህ አላልፍም፤ መምህርን በእስር ማስፈራራት ጥፋቱን እንዲደብቅ ያደርገዋል እንጂ እንዲያስተካክለው አያደርገውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሎግ ላለው ሲስተም ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ሮስተራቸውን የሚሠሩት በኤክሴል ነው። አንድ ፋይል በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መክፈቻው አንድ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። እዚያ ማን ምን እንደቀየረ የሚጽፍ አካል የለም። በእንደዚህ ያለው ቦታ ጥበቃው አሁንም ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ያስገባውን ውጤት አትሞ፣ ከማርክ ሊስቱ ጋር አመሳክሮ፣ ፈርሞ ለሪከርድ ክፍል ይስጥ። ሎግ ያለው ሲስተምም ቢሆን የበላይ መቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል በብዙ ሰው እጅ ከገባ ከኤክሴሉ አይሻልም፤ ያ ቃል ሎጉን ራሱን ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህ ርዕሰ መምህርቷ የታተመና የተፈረመ ቅጂ መያዙን አላስቀሩም። ይህ ውሳኔያቸው ከንግግሩ ሁሉ ብልህ የሆነው ይመስለኛል።

«እስካሁን የሰጣችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ» ብለው ነው የጨረሱት። «ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ቀይሩት። ሳትቀይሩ በፊት የገባ ነገር የሚያሰጋችሁ ከሆነ ንገሩኝ፤ ሎጉን አብረን እናያለን።»

ይህን የሚያነብ መምህር በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ክፍት የቀረ ካለ ቃሉን መቀየር ብቻውን ላይዘጋው ስለሚችል «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ይጫኑ፤ እሱ ከሌለ ሪከርድ ክፍል እንዲዘጋልዎ ይጠይቁ። ከዚያ በስምዎ የገቡትን ውጤቶች በእጅዎ ካለው ማርክ ሊስት ጋር ያመሳክሩ። ሲስተሙ መጨረሻ የገቡበትን ጊዜ የሚያሳይ ከሆነ ይዩት፤ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ በነበሩበት ሰዓት በስምዎ የተገባ ካለ፣ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ርዕሰ መምህራን ደግሞ የተተኪ መምህራንን መግቢያ ማርክ ከሚገባበት ሳምንት አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ወላጆችም የልጃችሁን ካርድ ስትቀበሉ ከታረመ የፈተና ወረቀቱ ጋር አስተያዩት፤ የማይገጥም ቁጥር ካለ፣ ዝቅ ብሎም ሆነ ከፍ ብሎ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።